ከፍተኛ ነጥብ ያገኘ ክፍተት ሁሉ ቅድሚያ አይሰጠውም

በኮምፒዩተር ፕሮግራም ላይ የደህንነት ክፍተት ሲገኝ የክብደቱ መጠን ከ0 እስከ 10 በሚደርስ ነጥብ ይገለጻል። መለኪያው ሲ.ቪ.ኤስ.ኤስ. ይባላል። በአሁኑ ደረጃ አሰጣጥ ከ9 ጀምሮ ያለው «እጅግ አደገኛ» ነው። የጥገና ባለሙያ ጥቂት፣ ክፍተቱ ግን ብዙ በመሆኑ በርካታ ድርጅቶች ከትልቁ ነጥብ ጀምረው ወደ ታች ይጠግናሉ። አሠራሩ ቀላል ቢሆንም ዋጋ ሊያስከፍል ይችላል።

በኤፕሪል 2014 (እ.ኤ.አ.) ይፋ የሆነው «ሃርትብሊድ» ለዚህ ጥሩ ማስረጃ ነው። ክፍተቱ የተገኘው ብዙ ድረ ገጾች መልእክታቸውን ለማመስጠር በሚጠቀሙበት ኦፕን ኤስ.ኤስ.ኤል. በተባለው ፕሮግራም ላይ ነበር። አጥቂው አጭር መልእክት ልኮ ርዝመቱን አጋንኖ ሲናገር፣ ሰርቨሩ ሳያጣራ ከማስታወሻው እስከ 64 ኪሎባይት ቀድቶ ይመልስለታል። በዚያ ውስጥ የደንበኞች የይለፍ ቃል፣ አልፎ ተርፎም የሰርቨሩ ምስጢራዊ ቁልፍ ሊገኝ ይችላል።

ይሁንና በወቅቱ በሥራ ላይ በነበረው የመለኪያው 2ኛ እትም የተሰጠው ነጥብ 5.0፣ ማለትም «መካከለኛ» ነበር። ምክንያቱም ክፍተቱ መረጃ ያሾልካል እንጂ መረጃ አይለውጥም፣ አገልግሎትም አያቋርጥም። የሾለከውም «በከፊል» ተብሎ ተመዘገበ። ነጥቡ በሕጉ መሠረት የተሰላ ነው፤ በከፊል የሾለከው የካዝናው ቁልፍ መሆኑን ግን አይናገርም። በዚያው ወር የካናዳ የገቢዎች ባለሥልጣን በዚሁ ክፍተት አማካይነት የ900 ያህል ግብር ከፋዮች የማኅበራዊ ዋስትና ቁጥር እንደተወሰደበት አስታውቋል።

እንግዲህ መሠረታዊው ነጥብ ስለ ክፍተቱ እንጂ ስለ ድርጅትዎ አይናገርም። ለምሳሌ አንድ ድርጅት ሁለት ክፍተቶች ተገኙበት እንበል። አንደኛው 9.8 ሲሆን የሚገኘው ከኢንተርኔት ተለይቶ በተቀመጠ የመሞከሪያ ኮምፒዩተር ላይ ነው። ሁለተኛው 7.5 ሲሆን የሚገኘው ደንበኞች በሚገቡበት ሰርቨር ላይ ነው፤ የአሜሪካ የሳይበር ደህንነት ኤጀንሲ ከ2021 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ በሚያወጣው፣ ወንጀለኞች እየተጠቀሙባቸው መሆኑ በተረጋገጠ ክፍተቶች ዝርዝር ውስጥም ገብቷል። ሁለተኛው ዛሬውኑ ይጠገናል። የመጀመሪያው ለመደበኛው የጥገና ቀን ሊቆይ ይችላል።

ስለዚህ በቅድሚያ የሚጠየቀው ክፍተቱ ለጥቃት እየዋለ መሆኑ፣ ቀጥሎ ማሽኑ ከውጭ የሚደረስበት መሆኑ፣ ከዚያም በላዩ ያለው መረጃ ነው። ነጥቡ የሚያገለግለው እነዚህ ሲመሳሰሉ ነው። እርግጥ ዝርዝሩ ጥቃቱ ከታወቀ በኋላ የሚሞላ በመሆኑ፣ በውስጡ አለመገኘት ለደህንነት ዋስትና አይሆንም።

ፕሮግራሙን ማደስም የሥራው ማብቂያ አይደለም። ሃርትብሊድ በተራ የሰርቨር መዝገብ ላይ ዱካ ስለማይተው፣ ከጥገናው በኋላ ቁልፎቹና የይለፍ ቃሎቹ ጭምር መለወጥ ነበረባቸው።