ጤፉን ማን ገዛ? ኪራዩንስ?

ኅዳር ሊያልቅ ነው። የጋራ ሂሳቡ 4,500 ብር ቀርቶታል። ሚስት «እኔ 18,000 አስገብቻለሁ፤ ጤፉንም የገዛሁት ከራሴ ነው» ትላለች። ባል ደግሞ «የልጁን መድኃኒትስ ማን ገዛው?» ይላል። ሁለቱም እውነታቸውን ነው፣ ባንኩም አልዋሸም። ባንክ የሚያውቀው ምን ያህል እንደገባና ምን ያህል እንደወጣ ብቻ ነው። የወጣው ብር ለቤቱ ይሁን ለአንዱ ጃኬት፣ ጤፉ ከማን ኪስ እንደተገዛ፣ ይህ ሁሉ እሱ ዘንድ አይጻፍም።

ብዙ ባለትዳሮች የጋራ ሂሳብ ሲከፍቱ መተሳሰቡ በዚያው የሚያበቃ ይመስላቸዋል። ብሩ አንድ ላይ ሲገባ ግን የማን እንደሆነ መለየቱ ይብስ ይከብዳል። ደግነቱ ነገሩን ለማጥራት የሒሳብ ባለሙያ መሆን አያስፈልግም፤ አንድ ደብተርና ሦስት ዓይነት ወጪዎችን ለይቶ ማወቅ ይበቃል።

ከዚያ በፊት ግን ሂሳቡ ሲከፈት የሚመጣ አንድ ጥያቄ አለ። የባንክ ሠራተኛው ሂሳቡ የሚንቀሳቀሰው በሁለታችሁም ፊርማ ነው ወይስ በአንዳችሁ ብሎ ይጠይቃል። በሁለቱም ፊርማ የሚንቀሳቀስ ሂሳብ ለቤት መሥሪያ ወይም ለመኪና ለሚጠራቀም ገንዘብ ጥሩ ነው። ለአስቤዛ ግን አይሆንም፤ ሽንኩርት ለመግዛት ሁለት ሰው ባንክ ቤት አይሰለፍም። ለቤት ወጪ የሚሆነው አንዱም ብቻውን ሊያንቀሳቅሰው የሚችለው ነው፤ ደብተር የሚያስፈልገውም ለዚሁ ነው፤ አንዱ ሲያወጣ ሌላው ላያይ ይችላልና።

እነዚህ ባልና ሚስት ለምሳሌ የቀረቡ ናቸው፤ ቁጥሮቹም ለስሌት እንዲመቹ የተመረጡ ናቸው። እሷ ከግብር በኋላ 30,000 ብር ታገኛለች፣ እሱ 20,000። ወጪን እኩል መካፈል ይቻላል፤ እነሱ ግን በደመወዛቸው ልክ ለማዋጣት ተስማምተዋል። ከሁለቱ ጠቅላላ ገቢ የእሷ 60 በመቶ፣ የእሱ 40 በመቶ ነው። ለወሩ 30,000 ብር ስለመደቡ የእሷ መዋጮ 18,000፣ የእሱ 12,000 ይሆናል። እሷ ሙሉውን አስገባች። እሱ በዚያ ወር እጅ ስላጠረው ያስገባው 10,000 ነው።

ከጋራ ሂሳቡ ኪራይ 14,000፣ መብራትና ውሃ 900 ተከፈለ። ለአስቤዛ በኤቲኤም 6,100 ብር ወጣ። አንድ ቀን ደግሞ ባልየው የራሱን ካርድ ቤት ረስቶ ለጃኬት 2,500 ብር በጋራው ካርድ ከፈለ። በሌላ በኩል እሷ 25 ኪሎ ጤፍ በ4,000 ብር ከራሷ ገዝታለች፤ እሱም ለልጁ መድኃኒት 1,000 ብር ከኪሱ አውጥቷል።

እንግዲህ ሦስቱ ዓይነቶች እነዚህ ናቸው። ኪራይ፣ መብራትና አስቤዛ ከጋራው ወጥተው ለጋራ ስለዋሉ ማንንም ባለዕዳ አያደርጉም፤ ተመዝግበው ያልፋሉ። ጤፉና መድኃኒቱ ከግል ኪስ ወጥተው ለጋራ ስለዋሉ ቤቱ ለከፈለው ሰው ባለዕዳ ነው። ጃኬቱ ደግሞ ከጋራው ተከፍሎ ለግል ስለዋለ ባለቤቱ ለቤቱ ባለዕዳ ነው። «አንተ ለእኔ፣ እኔ ለአንተ» ከማለት ይልቅ ቤቱን እንደ ሦስተኛ ሰው ቆጥሮ ሁሉንም ከእሱ ጋር ብቻ መተሳሰብ ነገሩን በጣም ያቀለዋል።

በዚህ አቆጣጠር ባል ለቤቱ የጎደለውን መዋጮ 2,000 እና የጃኬቱን 2,500፣ በድምሩ 4,500 ብር አለበት። ቤቱ ደግሞ የመድኃኒቱን 1,000 አለበት። ሲቻቻል ባል 3,500 ብር ወደ ጋራ ሂሳቡ ያስገባል። ሚስት የጤፏን 4,000 ከዚያው ታወጣለች። ሂሳቡ ላይ 4,000 ብር ይቀራል። ይህ ቁጥር ትክክል ነው? የተመደበው 30,000 ነበር፤ የቤቱ ትክክለኛ ወጪ ከኪራይ እስከ መድኃኒት ሲደመር 26,000 ነው፤ ልዩነቱ 4,000። ተስማማ ማለት ነው።

ብዙ ሰው የሚሳሳተው ጤፉ ላይ ነው። «የጋራ ስለሆነ ባልየው ድርሻውን ይክፈላት» ይባልና 40 በመቶው፣ 1,600 ብር፣ ከጋራ ሂሳቡ ይወጣላታል። ሲሰሙት ፍትሐዊ ይመስላል፤ ግን የጋራ ሂሳቡ ውስጥ ካለው ብር 60 በመቶው የራሷ ነው። ስለዚህ 1,600ው ሲከፈላት 960ውን የከፈለችው ራሷ ናት። ያልተመለሰላት 2,400 ሲታከልበት ከ4,000 ብር ጤፍ 3,360ውን ተሸከመች ማለት ነው፤ ድርሻዋ ግን 2,400 ብቻ ነበር። መመሪያው አጭር ነው፤ ከጋራ ሂሳቡ የሚመለስ ከሆነ ሙሉው 4,000 ይመለሳል፤ ባል ከራሱ ኪስ በእጁ የሚሰጣት ከሆነ ግን 1,600 ብቻ ነው። ጃኬቱም እንዲሁ ነው። ወደ ጋራው ሲመለስ 2,500ውም ይመለሳል፤ ለሚስት በእጅ ከተሰጠ ግን የእሷ ድርሻ 1,500 ነው።

መዋጮና ወጪ የተዘበራረቀባቸው ሰዎች ምንም ብር ሳያንቀሳቅሱ በፊት ደብተሩ ራሱ ትክክል መሆኑን ማየት ይችላሉ። እያንዳንዱ ያወጣው ይደመራል። እሷ 18,000 እና 4,000፣ ማለትም 22,000 አውጥታለች። እሱ 10,000 እና 1,000 አውጥቶ 2,500 ለራሱ ስለወሰደ የእሱ 8,500 ነው። ከ26,000 ብር ወጪ የእሷ ድርሻ 15,600፣ የእሱ 10,400 ነው። ስለዚህ እሷ 6,400 ብልጫ አላት፣ እሱ 1,900 ይጎድለዋል። ከብልጫው ጉድለቱ ሲቀነስ 4,500 ይመጣል፤ ባንኩም ያለው 4,500 ነው። እነዚህ ሁለት ቁጥሮች ሁልጊዜ መግጠም አለባቸው። ባንኩ ከደብተሩ ካነሰ ከጋራው የወጣ ያልተጻፈ ነገር አለ። ከበለጠ ደግሞ አንዱ ያስገባውን ሳይመዘግብ ረስቷል። ልዩነቱ ጥቂት ብር ከሆነ ብዙውን ጊዜ የባንክ አገልግሎት ክፍያ ነው፤ እንደ ቤት ወጪ ይቆጠራል እንጂ ማንም አይጠየቅበትም።

ይህ ፍተሻ የማይዘው አንድ ነገር አለ። ከኪስ ለቤት ወጥቶ ደብተር ላይ ያልተጻፈ ወጪ ቁጥሮቹን አያዛባም፤ ያወጣው ሰው ብቻ ይጎዳል። ለቲማቲም፣ ለወፍጮ፣ ለሞግዚቷ ታክሲ የሚወጣው በዚህ መንገድ ይጠፋል፤ በወሩ መጨረሻም «እኔ ሁልጊዜ ስከፍል ነው የምኖረው» የሚል ስሜት ብቻ ይተርፋል። በኤቲኤም የወጣው 6,100 ብርም እንዲሁ ነው። ከባንክ የሚመጣው ስቴትመንት የሚለው «ወጪ» ብቻ ነው፤ ምን እንደተገዛበት የሚያውቀው የአስቤዛው ደረሰኝ ወይም የገዛው ሰው ነው። በስልክ ሲላክ ግን ምክንያት የሚጻፍበት ቦታ አለ። «ኪራይ ኅዳር» ብሎ መጻፍ ጥቂት ሰከንድ ይወስዳል፤ ከስድስት ወር በኋላ ሲታይ ግን ብዙ ክርክር ያስቀራል።

የቀን አቆጣጠርም ያምታታል። ኪራይ በኢትዮጵያ ወር ይከፈላል፣ የባንክ ወረቀት የሚታተመው ግን በፈረንጆቹ ነው። የኅዳር 2018 ወጪ ባንኩ ዘንድ ከኖቬምበር 10 እስከ ዲሴምበር 9 ቀን 2025 ያለው ነው። «የኖቬምበርን ስጡኝ» ያለ ሰው የጥቅምት መጨረሻ ይገባበታል፣ የኅዳር መጨረሻ ይወጣበታል።

የትኛው ወጪ የጋራ ነው የሚለውን ግን ስሌት አይፈታውም። የቤተሰቡ እድር የጋራ ነው ብሎ ለመስማማት ብዙም አይቸግርም። ለወላጅ የሚላክ ብርስ? አንዳንዶች እያንዳንዱ ከግሉ ይላክ ይላሉ፤ ሌሎች ለሁለቱም ወገን እኩል ተመድቦ ከጋራው ይወጣል። የመጀመሪያው ለደብተር ይቀላል፣ ሁለተኛው ለአማቶች። እቁብ ደግሞ ወጪ አይደለም፤ ተመልሶ የሚመጣ ገንዘብ ነው። መዋጮው ከጋራው ከወጣ ዕጣው ሲደርስም ወደ ጋራው መግባት አለበት፤ ይህ ሳይባል የደረሰ እቁብ በማን ስም እንደተጣለ የሚጠየቀው ብሩ ከመጣ በኋላ ነው።

ባለትዳሮች እንዲህ የሚተሳሰቡት ለሰላማቸው እንጂ ለፍርድ ቤት ብለው አይደለም። በ1992 ዓ.ም. በወጣው በተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ፣ በአዋጅ ቁጥር 213፣ መሠረት ባልና ሚስት በትዳር ውስጥ በግል ጥረታቸው የሚያገኙት ገቢ የጋራ ሀብታቸው ነው፤ የእሷ 30,000ም የእሱ 20,000ም ማለት ነው። ደብተሩ ላይ ያለው ብልጫና ጉድለት በሁለቱ መካከል ያለ ስምምነት ነው።

አንድ ቤት ተከራይተው የሚኖሩ ወንድምና እህቶች ወይም ጓደኛሞች ግን ይህ ሕግ አይሸፍናቸውም፤ የእያንዳንዱ ብር የራሱ ነው። ለእነሱ የከበደው ነገር ብዙ ጊዜ ቅድሚያ ክፍያው ነው። ሦስት ሆነው ወሩ 15,000 ብር የሆነ ቤት ይከራያሉ፤ የሁለት ወር ቅድሚያ፣ 30,000 ብር፣ እያንዳንዳቸው 10,000 አዋጥተው ይከፍላሉ። አንደኛው ወር እንዳለቀ አንዱ ሥራ አግኝቶ ሐዋሳ ሄደ። የጋራ ሂሳባቸው ባዶ ስለሆነ የሚካፈሉት የሌለ ይመስላል። የሄደው ሰው የሁለተኛው ወር 5,000 ብር ግን አከራዩ ዘንድ አለ፤ ቤቱን የሚኖሩበትም የቀሩት ሁለቱ ናቸው። ስለዚህ እያንዳንዳቸው 2,500 ይመልሱለታል፤ ወይም አዲስ ገቢ ካገኙ እሱ 5,000ውን በቀጥታ ለሄደው ይከፍልና በቦታው ይተካል።