የጠፋው ገበያው ነው ወይስ ቆጠራው?

በ2017 ዓ.ም. የካቲት መገባደጃ ላይ፣ ቦሌ አካባቢ ቢሮ ያለው የአንድ አስጎብኚ ድርጅት ባለቤት የወሩን የማስታወቂያ ሪፖርት ሲመለከቱ ደነገጡ። ድርጅቱ ወደ ባሌ ተራሮችና ወደ ደቡብ ኦሞ የሚወስዳቸውን ጎብኚዎች በአብዛኛው የሚያገኘው ከጀርመን ነው፤ ለዚሁም ጎግል ላይ ማስታወቂያ ያወጣል። በቀደሙት አራት ሳምንታት ከጀርመን በማስታወቂያው በኩል መጥተው የጉዞ ጥያቄ ፎርም የሞሉ ሰዎች 50 ነበሩ። አዲሱ ሪፖርት ግን 27 ብቻ ይላል።

«ሰላም የለም የሚለው ወሬ አስፈርቷቸው ነው ብዬ ነበር ያሰብኩት» ይላሉ፣ የእርሳቸውም የድርጅታቸውም ስም እንዳይጠቀስ የጠየቁት ባለቤት። ለጀርመን የመደቡትን የማስታወቂያ በጀት በግማሽ ሊቀንሱ፣ ጀርመንኛ ተናጋሪ ሠራተኛቸውንም ሊያሰናብቱ ተዘጋጅተው ነበር። ሂሳባቸው ግልጽ ነው። አንድ ክሊክ በአማካይ 90 የዩሮ ሳንቲም ያስከፍላል፤ የአራቱ ሳምንት 980 ክሊክ 882 ዩሮ ይሆናል፤ ይህ ለ27 ሲካፈል አንዱ ጥያቄ ወደ 33 ዩሮ ይመጣል። እርሳቸው ደግሞ ለአንድ ጥያቄ ከ25 ዩሮ በላይ መክፈል አያዋጣኝም ባይ ናቸው።

ውሳኔውን ያዘገየው ማስታወቂያውን የሚከታተለው ወጣት ሠራተኛ ነው። «ጋሼ፣ ክሊኩ እኮ አልቀነሰም» አላቸው። እውነትም ቀደም ሲል 1,010 የነበረው ክሊክ አሁን 980 ነው። ኢትዮጵያን የፈራ ጀርመናዊ ማስታወቂያውን ከነጭራሹ አይነካም ነበር። ሰዎቹ እንደ ወትሮው እየመጡ ከሆነና በሩን ካለፉ በኋላ ግማሽ ያህሉ ከጠፉ፣ መፈለግ ያለበት በሩ ላይ የተለወጠ ነገር ነው።

በሩ ላይ የተለወጠው ነገር ደግሞ ነበር። በጥር መጨረሻ የድርጅቱ ድረ ገጽ ላይ፣ ከአውሮፓ ለሚመጡ ጎብኚዎች ብቻ የሚታይ የፈቃድ መጠየቂያ ተተክሏል። «ሁሉንም እቀበላለሁ» እና «ሁሉንም አልቀበልም» የሚሉ ሁለት ቁልፎች አሉት።

ቦሌ ያለ ድርጅት የአውሮፓን ሕግ ምን አገባው የሚል አንባቢ ይኖራል። እ.ኤ.አ. ከግንቦት 2018 ጀምሮ የሚሠራበት የአውሮፓ ኅብረት የግል መረጃ ጥበቃ ደንብ፣ ሻጩ የትም ይሁን የት፣ ኅብረቱ ውስጥ ላለ ሰው ዕቃ ወይም አገልግሎት የሚያቀርብን ሁሉ ይመለከታል። ኩኪ የሚባለውን፣ ማለትም ድረ ገጹ በጎብኚው ስልክ ወይም ኮምፒውተር ላይ የሚያስቀምጣትን መታወቂያ፣ ለማስታወቂያ ቆጠራ ለመጠቀም አስቀድሞ ፈቃድ መጠየቅ ግድ ነው። ፈቃድ ሲጠየቅም እምቢ ማለት እሺ ከማለት ሊከብድ አይገባም። የፈረንሳይ ተቆጣጣሪ መሥሪያ ቤት በዚሁ ምክንያት እ.ኤ.አ. በጥር 2022 ጎግልን 150 ሚሊዮን፣ ፌስቡክን 60 ሚሊዮን ዩሮ መቅጣቱን አስታውቋል። እ.ኤ.አ. ከመጋቢት 2024 ወዲህ ደግሞ ጎግል ራሱ ከአስተዋዋቂዎቹ የአውሮፓ ደንበኛ መፍቀድ አለመፍቀዱን የሚናገር ምልክት ይጠይቃል፤ ምልክቱን የማይልክ አስተዋዋቂ ቆጠራውና ደንበኛን መልሶ የማግኘት ዘዴው ይገደብበታል። ስለዚህ ድርጅቱ መጠየቂያውን መትከሉ ስህተት አልነበረም።

ቆጠራው የሚሠራው እንዲህ ነው። አንድ ጀርመናዊ ማስታወቂያውን ሲጫን ክሊኩ የሚመዘገበው ጎግል ዘንድ ነው። ሰውየው ድረ ገጹ ላይ ደርሶ ከፈቀደ ኩኪዋ ትቀመጣለች፤ ከሦስት ቀን በኋላ ተመልሶ ፎርሙን ሲሞላ «ይህ ያ ማስታወቂያውን የተጫነው ሰው ነው» ትላለች። ሙያተኞቹ ኮንቨርዥን የሚሉት ይህን ነው። ካልፈቀደ ግን ክሊኩ አለ፣ ፎርሙም ተሞልቶ በኢሜይል ደርሷል፤ ሁለቱን የሚያያይዝ ክር ብቻ የለም። ደንበኛው አለ፤ ሪፖርቱ ውስጥ ግን የለም።

ይህ ግምት ብቻ እንዳይሆን ወጣቱ ሁለት ነገር አመሳከረ። የመጀመሪያው አሜሪካ ነው። መጠየቂያው ለአሜሪካ ጎብኚ አይታይም። የአሜሪካው ሪፖርት በፊት 16 ጥያቄ፣ በኋላ 17 ያሳያል። ስለ ኢትዮጵያ የሚወራው ወሬ አሜሪካም ይሰማል፤ ቅናሹ ጀርመን ላይ ብቻ፣ ያውም መጠየቂያው ከተተከለበት ቀን ጀምሮ ከታየ፣ ጥርጣሬው ወደ መጠየቂያው ያዘነብላል።

ሁለተኛው የድርጅቱ የራሱ የኢሜይል ሣጥን ነው። ፎርም የሞላ ሰው ጥያቄ ኩኪ ተፈቀደም አልተፈቀደም ሣጥኑ ውስጥ ይገባል። ከጀርመን በፊት በነበሩት አራት ሳምንታት በጠቅላላ 71፣ በኋላ 67 ጥያቄ ደርሷል። የ4 ሰው ልዩነት ከአንድ ወር ወደ ሌላው በአጋጣሚ ከሚመጣ ወጣ ገባ አይበልጥም። ሪፖርቱ ግን 46 በመቶ ወደቀ ይላል።

የኢሜይል ሣጥኑ የማያውቀው አንድ ነገር አለ፤ የትኛው ሰው በማስታወቂያ፣ የትኛው በወዳጅ ጥቆማ እንደመጣ አይናገርም። እዚህ ላይ ትንሽ ሂሳብ ያስፈልጋል። መጠየቂያው ከመተከሉ በፊት ከ71ዱ 50ው፣ ማለትም 70 በመቶው፣ በማስታወቂያ የመጡ ነበሩ። ያ ድርሻ አልተለወጠም ብንል ከ67ቱ 47 ያህሉ በማስታወቂያ የመጡ ናቸው። ሪፖርቱ የሚያውቀው 27ቱን ነው፤ 20ው ከቆጠራው ውጭ ቀርተዋል። 882 ዩሮ ለ47 ሲካፈል አንዱ ጥያቄ ወደ 19 ዩሮ ይወርዳል። በፊት 18 ዩሮ ግድም ነበር። ሊዘጋ የተቃረበው ገበያ ከነበረበት ብዙም አልተነቃነቀም።

እነዚህ ሰዎች ብዕርና ወረቀት ይዘው የሠሩትን፣ ጎግል በብዙ እጥፍ አስፋፍቶ በማሽን ይሠራዋል። ሞዴልድ ኮንቨርዥን የሚባለው ይኸው ነው። አንድ ትልቅ የሆቴል ድርጅትን ለምሳሌ እንውሰድ። 10,000 ክሊክ አለው እንበል፤ 6,000ው ፈቅደዋል፣ ከእነርሱም 300 ሰው በማስታወቂያው በኩል ክፍል ይዟል። ቸኩሎ የሚያሰላ ሰው «ከፈቀዱት 5 በመቶ ከያዙ፣ ከቀሩት 4,000ም 200 ይዘዋል» ይላል። ይህ የተለመደ ስህተት ነው፤ እሺ የሚለውና እምቢ የሚለው ሰው አንድ ዓይነት ገዢ ላይሆን ይችላል። ዕቃውን የሚፈልገው ሰው ድረ ገጹ ውስጥ ቶሎ ለመግባት ሲል እሺ ብሎ ያልፋል፤ ዝም ብሎ የሚያይ ደግሞ ዘግቶ ይሄዳል።

አሠራሩ የተስተካከለለት ድርጅት ድረ ገጹ፣ ሰውየው እምቢ ቢልም፣ ማንነቱን የማትገልጽ አጭር ምልክት ይልካል፤ «ፈቃድ የለም፣ ግን እዚህ አንድ ክፍል ተይዟል» የምትል ናት። በእንግሊዝኛ አድቫንስድ የሚባለው አሠራር ይህ ነው። ሆቴሉ ከማይፈቅዱት በኩል በጠቅላላ 240 ክፍል መያዙን ከምልክቶቹ ያውቃል እንበል። ከሚፈቅዱት ወገን በጠቅላላ 500 ክፍል ተይዞ 300ው በማስታወቂያ ከሆነ ድርሻው 60 በመቶ ነው፤ ከ240ውም 144 ያህሉን ለማስታወቂያው ይሰጣል። ሪፖርቱ 500 ሳይሆን 444 ይላል። እውነተኛው ማሽን ይህን የሚያሰላው በጥቅሉ ሳይሆን በአገር፣ በስልክ ዓይነት፣ በብራውዘርና በሰዓት እየከፋፈለ ነው። መሠረቱ ግን ይኸው ነው፤ ደካማ ጎኑም እዚሁ ላይ ነው። የማይፈቅዱት ሰዎች በዚያው ዓይነት ስልክ፣ በዚያው አገር ያሉትን የፈቀዱ ሰዎች ካልመሰሉ ግምቱ ይስታል።

ታዲያ የቦሌው ድርጅት ሪፖርት ለምን 27 ላይ ቀረ? ሁለት ምክንያት አለው። ድረ ገጹን የሠራው ባለሙያ የተከለው ቤዚክ የተባለውን አሠራር ነው፤ በዚህኛው ሰውየው እስኪፈቅድ ድረስ ምንም ምልክት አይላክም። (አውሮፓ ውስጥ ያለ ፈቃድ ምልክት መላኩ ራሱ ያስጠይቃል የሚሉ የሕግ ሰዎች ስላሉ ምርጫው ያለ ምክንያት አይደለም።) ከዚያ የሚብሰው ግን የመጠን ጉዳይ ነው። ጎግል በፈቃድ ምልክት ላይ ተመሥርቶ ክፍተቱን የሚሞላው በአንድ አገርና በአንድ ድረ ገጽ በ7 ቀን ውስጥ 700 የማስታወቂያ ክሊክ ላለው ነው። 980 ክሊክ ለአራት ሳምንት ሲካፈል 245 ነው። ደፉን ለመሙላት በቀን 100 ክሊክ፣ በዚያው ዋጋ በቀን 90 ዩሮ ማውጣት ያስፈልጋል፤ ለቆጠራ ሲባል ማንም ነጋዴ እንዲህ አያደርግም። እንግዲህ የእኛ አገር አነስተኛ ላኪና አስጎብኚ «ማሽኑ ይሞላዋል» ብሎ ቢጠብቅ የሚሞላለት የለም።

ደፉን ያለፈውም ቢሆን ቁጥሩን በጥንቃቄ ማንበብ አለበት። የጎግል ማስታወቂያ ሪፖርት የተቆጠረውንና የተገመተውን በአንድ ዓምድ ቀላቅሎ ያቀርባል። 27.4 የሚል ክፍልፋይ ያየ ሰው ግምት መሆኑን አወቅሁ እንዳይል፤ አንድ ደንበኛ በሁለት ማስታወቂያ ሲመጣ ውጤቱ ስለሚከፋፈልም ነጥብ ይመጣል። ግምቱ ዘግይቶ ስለሚገባ ያለፉት ጥቂት ቀናት ሁልጊዜ ደካማ ይመስላሉ፤ በማግሥቱ ሪፖርት ተነስቶ ማስታወቂያ መዝጋት አይገባም። ጎግል አናሊቲክስ ውስጥ ግን የሪፖርቱን መለያ ከ Blended ወደ Observed በመለወጥ ግምቱ ሲወጣ ምን እንደሚቀር ማየት ይቻላል።

አንዳንዴ ደግሞ ክፍተቱ የብልሽት ውጤት ነው። ቁጥሩ በግማሽ ሳይሆን ወደ ዜሮ ከወረደ ሰዎች እምቢ ብለው ነው ለማለት ያስቸግራል። የተለመደው ችግር ደንበኛው «እቀበላለሁ» ብሎ ሳለ ቁልፉ መልእክቱን አለማስተላለፉ ነው። ባለሙያው ድረ ገጹን ከፍቶ እሺ ካለ በኋላ ወደ ጎግል በሚላከው መልእክት ውስጥ gcs የምትለውን ማየት አለበት። G111 ካለች ፈቃዱ ደርሷል፤ G100 እንዳለች ከቀረች መጠየቂያው በደንብ አልተገጠመም። የቦሌው ድርጅት ሲፈተሽ G111 ነበር።

ባለቤቱ የጀርመኑን በጀት አልነኩም፤ ሠራተኛይቱም አለች። ፎርሙ ላይ «ስለ እኛ ከየት ሰሙ?» የሚል አንድ ጥያቄ አስጨምረዋል፤ መልሱን በየወሩ ከኢሜይል ሣጥኑ ጋር ያመሳክራሉ። የጣሊያኑ ማስታወቂያ ግን ተዘግቷል። ሠንጠረዡን ገልጠው አሳይተውኝ ነበር። እዚያ ክሊኩ ከ210 ወደ 90፣ የኢሜይል ሣጥኑም ከ14 ወደ 5 ወርዷል። «ይሄኛውስ የኩኪ ጣጣ አይደለም፤ ሰዎቹ ራሳቸው ቀርተዋል» አሉኝ።