ደንበኛው ሳይሄድ የሚሄደው ገንዘብ

የእግር ኳስ ሊግ ሲጀመር የዲሽ ፓኬጁን ከፍ አድርጎ፣ ሊጉ ሲያልቅ ወደ ርካሹ የሚመለስ ሰው ደንበኝነቱን አላቋረጠም። ደንበኛ ብቻ የሚቆጥር ድርጅት ምንም የተለወጠ ነገር አይታየውም። ገቢው ግን ወጥቶ ወርዷል።

በወርሃዊ ክፍያ የሚሠሩ ድርጅቶች ይህን የሚይዙበት ሠንጠረዥ የገቢ ድልድይ ይባላል። ወሩ ከተጀመረበት ወርሃዊ ገቢ ተነስቶ ወሩ እስከተዘጋበት ያደርሳል፤ በመሃል የገባውንና የወጣውን በየምክንያቱ ይለያል።

የሂሳብ ሶፍትዌር የሚያከራይ አንድ ድርጅት በምሳሌነት ይወሰድ። ሦስት ፓኬጆች አሉት፦ በወር 1,000፣ 2,500 እና 6,000 ብር። ጥቅምትን በ200,000 ብር ወርሃዊ ገቢ ጀመረ። 8 አዲስ ደንበኞች በትንሹ ፓኬጅ ገብተው 8,000 ጨመሩ። 10 ነባር ደንበኞች ከ1,000 ወደ 2,500 ከፍ አሉ፤ 15,000 ብር ማደግ ነው። 3 ደንበኞች ከ6,000 ወደ 2,500 ወረዱ፤ 10,500 ብር መቀነስ። የ2,500 ፓኬጅ የነበራቸው 4 ደንበኞች ደግሞ ጨርሰው ወጡ፤ 10,000 ብር ሄደ። ወሩ በ202,500 ተዘጋ።

ሥራ አስኪያጁ የሚያየው 2,500 ብር ዕድገት ብቻ ቢሆን ወሩ ጸጥ ያለ ይመስለዋል። ድልድዩ ግን ሌላ ነገር ይነግረዋል፤ ሳይሰናበቱ ፓኬጃቸውን ዝቅ ያደረጉት ሦስቱ፣ ጥለው ከሄዱት አራቱ የበለጠ ገንዘብ አስቀርተውበታል።

ስህተት የሚበዛው በወሩ አጋማሽ ላይ ነው። በ16ኛው ቀን ከ1,000 ወደ 2,500 ለተሸጋገረ ደንበኛ ደረሰኙ ላይ የሚታየው የቀሪዎቹ 15 ቀናት ልዩነት፣ 750 ብር ነው። ድልድዩ ላይ ግን ሙሉው 1,500 ይመዘገባል። 750ውን የመዘገበ ሂሳብ ሠራተኛ በሚቀጥለው ወር ቀሪውን 750 እንደ አዲስ ዕድገት ይቆጥረዋል፤ ደንበኛው ግን ምንም አልቀየረም።

ከዚህ የባሰው ዓመታዊ ክፍያ ነው። በወር 2,500 ይከፍል የነበረ ደንበኛ ቅናሽ ተደርጎለት የዓመቱን 24,000 ብር በአንዴ ከፈለ እንበል። ባንክ የገባው ብር ያስደስታል፤ ለ12 ሲካፈል ግን በወር 2,000 ነው። ስለዚህ ድልድዩ ላይ የሚሰፍረው የ500 ብር መቀነስ ነው። ሽያጭ ክፍሉ ይህን ሲሰማ ፊቱን ቢያጠቁር አይገርምም።

ነጻ ወደሆነ ፓኬጅ የወረደ ደንበኛ ስሙ መዝገብ ላይ ቢኖርም የሚቆጠረው ከወጡት ጋር ነው፤ የሚከፍለው የለምና። በአንድ ወር ከፍ ብሎ ተመልሶ ወደነበረበት የወረደ ደግሞ የትም አይገባም፤ የሚነጻጸረው የወሩ መጀመሪያና መጨረሻ ነው።

ወሩ ሲዘጋ የድልድዩ መጨረሻ ከእያንዳንዱ ደንበኛ ወርሃዊ ክፍያ ድምር ጋር እኩል መምጣት አለበት። ካልመጣ መጀመሪያ የሚፈተሹት በዚያ ወር ፓኬጅ የቀየሩት ናቸው።