ረቡዕ ማታ የሚላክ መልእክት

ነፃ ሥልጠና ወይም ስብሰባ አዘጋጅቶ የሚያውቅ ሰው ሁሉ ባዶ ወንበር ያውቃል። ተመዝጋቢው ምንም አልከፈለም፤ ቢቀርም የሚያጣው ነገር የለም። አዘጋጁ ታዲያ ማስታወሻ ይልካል፤ ሰው ሲቀርበት በሚቀጥለው ጊዜ ይጨምርበታል። ከሳምንት በፊት፣ ከአራት ቀን በፊት፣ ዋዜማው ላይ፣ ጠዋት። እየበዛ ሲሄድ ተቀባዩ ሳይከፍት ማለፍ ይለምዳል።

ይህ በጥናትም ታይቷል። በኬንያ የኤችአይቪ መድኃኒት በሚወስዱ ሰዎች ላይ የተደረገና በ2011 እ.ኤ.አ. የታተመ ጥናት አለ። በሳምንት አንድ ጊዜ አጭር መልእክት የደረሳቸው መድኃኒታቸውን በተሻለ ሁኔታ ተከታትለው ሲወስዱ፣ በየቀኑ የደረሳቸው ግን ምንም ካልተላከላቸው ያን ያህል የተለየ ውጤት አላሳዩም። መድኃኒትና ስብሰባ አንድ ባይሆኑም፣ ብዙ መላክ ብዙ ማስታወስ አለመሆኑን ግን ያሳያል።

እንግዲህ ጥያቄው ስንት ሳይሆን መቼ ነው። አንድ ምሳሌ እንውሰድ። አዲስ አበባ ውስጥ ቅዳሜ ጠዋት 3 ሰዓት የሚጀምር ሥልጠና አለ እንበል። ወንበሩ 80፣ ተመዝጋቢው 80፣ በተጠባባቂነት የተያዘ ደግሞ 25 ሰው አለ። ምግብ አቅራቢው የሰው ቁጥር ሐሙስ ከሰዓት በኋላ እንዲነገረው ይፈልጋል። የመልእክቱን ቀን የሚቆርጠው ይህ ነው፤ መልሱ ከሐሙስ ቀትር በፊት መግባት አለበት።

ሰኞ ቢላክስ? ሰኞ ላይ ቅዳሜውን የሚያውቅ ሰው ጥቂት ነው፤ ሁሉም «እመጣለሁ» ይላል። ዓርብ ማታ ከሆነ ደግሞ ለቅሶውም ሰርጉም ታውቋል፤ ነገር ግን ምሳው ታዟል፣ ተጠባባቂውም ሌላ ቀጠሮ ይዟል። ረቡዕ ማታ 1 ሰዓት ተኩል አካባቢ ሰው ከታክሲ ወርዶ ቤቱ ገብቷል፣ የሳምንቱም መጨረሻ መልክ ይዟል።

መልእክቱ እንዲህ ሊሆን ይችላል፦ «ለቅዳሜ ጠዋት 3 ሰዓት ሥልጠና ይመጣሉ? 1 እመጣለሁ፣ 2 አልመጣም ብለው ይመልሱ።» በግዕዝ ፊደል የተጻፈ አጭር መልእክት በአንድ ጊዜ የሚይዘው 70 ምልክት ነው፤ በላቲን ቢሆን 160 ይይዝ ነበር። ከላይ ያለው ክፍት ቦታው ሳይቀር ተቆጥሮ 52 ነው። በቀረው 18 የአዘጋጁን ስም ማስገባት ይቻላል፤ የማን እንደሆነ ያልታወቀ መልእክት ማስታወቂያ ይመስላልና። ከ70 ካለፈ ለሁለት ተከፍሎ እንደ ሁለት ይቆጠራል።

ዋናው ቁም ነገር ግን «2» ላይ ነው። እኛ ዘንድ ደውሎ «አልመጣም» ማለት ይከብዳል፤ ይሉኝታ አለ፣ ምክንያት መደርደር አለ። ስለዚህ ሰው ዝም ብሎ ይቀራል። አንድ ቁጥር መላክ ግን ይሉኝታ የለውም። ከ80ው 41 «1»፣ 14 «2» መለሱ፣ 25 ዝም አሉ እንበል። አሥራ አራቱ ኪሳራ አይደሉም፤ ሐሙስ ጠዋት ከተጠባባቂዎቹ 14 ሰው ይጠራል። ለሃያ አምስቱ ዝምተኞች ብቻ ይደወላል። «1» ያለውን ሰው እንደገና «ይመጣሉ ወይ?» ብሎ መጠየቅ አላመንህም ማለት ነው፤ ሰውን የሚያስቀይመውም በአብዛኛው ይህ ነው።

ዓርብ ማታ ለሚመጡት የመጨረሻው ይላካል፤ እሱም ጥያቄ የለውም። የትኛው በር፣ የትኛው ታክሲ ፌርማታ፣ ቢጠፋባቸው የሚደውሉበት ስልክ። ቅዳሜ ጠዋት ሰው የሚፈልገው ይህንኑ ስለሆነ አይሰለችም። አዳራሹ ካልተቀየረ በቀር ቅዳሜ ጠዋት ምንም አይላክም።

ከሁሉም ቀድሞ የሚሄደው ሰው እንደተመዘገበ የሚደርሰው ማረጋገጫ ነው። ብዙ ስልክ ላይ ያለው ካሌንደር የፈረንጅ ነው። የ3 ሰዓቱን ቀጠሮ 3:00 ብሎ የመዘገበ ሰው ስልኩ የሚጮህለት ሌሊት 9 ሰዓት ወይም ከሰዓት በኋላ 9 ሰዓት ነው። ስለዚህ ቀኑ በሁለቱም አቆጣጠር፣ ሰዓቱም «ጠዋት 3 ሰዓት (9:00)» ተብሎ ይጻፍ።

ይህ ሁሉ የሚያድነው ግን የረሳን ወይም መቅረቱን ማሳወቅ የከበደውን ሰው ብቻ ነው። ከሥልጠናው በኋላ ለጥቂት ቀሪዎች ያለ ወቀሳ ደውሎ ምክንያቱን መጠየቅ ይጠቅማል። «ረሳሁት» የሚሉት ከበዙ የመልእክቱ ሰዓት ይታይ። «ቅዳሜ ሥራ እገባለሁ» ወይም «ቦታው ይርቀኛል» የሚሉት ከበዙ ግን መቀየር ያለበት ቀኑ ወይም አዳራሹ ነው።