ማጉ ላይ የምትሸናው ውሻ

ሸማኔው ከዶርዜ አርባ ምንጭ ድረስ የወረዱት ተናደው ነበር። «ዶክተር፣ ይቺ ውሻ እልኸኛ ናት፤ ማጉን ባስቀመጥኩበት ጥግ ነው የምትሸናው» አሉኝ።

አራት ዓመቷ ነው፤ 14 ኪሎ ትመዝናለች። አርባ ምንጭ ልጃቸው ግቢ ውስጥ፣ ደጅ ስታድር የኖረች ናት። ዶርዜ ስትወጣ ግን ብርዱንና ጅቡን ፈርተው ቤት አስገቧት። የቀርከሃው ቤት በር ከምሽቱ 2 ሰዓት ተዘግቶ ንጋት 12 ሰዓት ይከፈታል።

«ተኝታ ነው የምትረጥበው ወይስ ነቅታ ቁጢጥ ትላለች?» ብዬ ጠየቅኳቸው። ተኝታ የሚያመልጣት ከሆነ ፊኛዋን የሚዘጋው ጡንቻ ላልቷል ማለት ሊሆን ይችላል፤ ያ በሥልጠና አይድንም። የእሳቸው ቁጢጥ ትላለች፤ ግን በትንሽ በትንሹ፣ በቀን ብዙ ጊዜ። ይህ አልጣመኝም። ውሃዋን በሃይላንድ እየለኩ እንዲሰጧትም ነገርኳቸው። ለእሷ ክብደት በቀን ከ1.4 ሊትር በላይ ከጠጣች ስኳርን ወይም ኩላሊትን እጠረጥራለሁ። የጠጣችው 0.8 ሊትር ገደማ ሆነ።

ሽንቷን የያዝነው በታጠበ ጭልፋ ነው፤ ቁጢጥ ስትል ከኋላ ዝቅ አድርጎ ማስገባት። መመርመሪያው ወረቀት ስኳር አላሳየም፤ ደም ግን አሳየ። ወረቀቱ ላይ ያለው የነጭ ደም ሴል ምልክት በውሻ ሽንት አያስተማምንም፤ ስለዚህ በማይክሮስኮፕ አየሁት። ባክቴሪያ ነበረው። በክብደቷ ልክ አሞክሲሲሊን አዘዝኩላት።

በሳምንቱ ደወሉ። ቶሎ ቶሎ መሽናቷ ቀርቷል፤ ሌሊት ሌሊት ግን ያችው ጥግ ላይ ትሸናለች። በሽታው ለቀቃት፤ ቦታው አለቀቃትም።

የአፈር ወለል ሽንት ይጠጣል፤ በሳሙና ቢያጥቡት ሽታው ለውሻ አፍንጫ አይጠፋም። የሸማኔው ባለቤት በበረኪና ሊያጥቡት ነበር፤ ከሽንት ጋር ሲቀላቀል የሚጎዳ ጭስ ስለሚያወጣ ከለከልኳቸው። ጓንት አድርገው ርጥቡን አፈር ቆፍረው አወጡት፤ በደረቅ አፈር ሞልተው ደለደሉት። ማጉም ወደ ሌላ ቦታ ዞረ።

ከዚያ ሥራው የሰውየው ሆነ። ንጋት ላይ፣ ከበላች በኋላ፣ ከእንቅልፍ ስትነሳና በሩ ከመዘጋቱ በፊት በገመድ ይዘው እንሰቱ ሥር ወደ አንድ ቦታ ይወስዷታል። ሳይናገሩ አሥር ደቂቃ ይቆማሉ። ሸንታ እንደጨረሰች፣ እዚያው ቆመው፣ ቁራሽ ቂጣ ይሰጧታል። ቤት ገብተው ቢሰጧት ቤት ስለገባች ያገኘችው ይመስላታል። ካልሸናች ገመዷን ሳይለቁ አጠገባቸው አስቀምጠው ከሩብ ሰዓት በኋላ እንደገና ያወጧታል። ቤት ውስጥ ብትሸና አይመቷትም፤ የተመታች ውሻ የምትማረው ተደብቆ መሽናትን ነው።

በሦስተኛው ሳምንት ሌሊት በሩን ቧጠጠች። ሸማኔው ጋቢያቸውን ደርበው፣ ባትሪ ይዘው ወጡላት። «ዶክተር፣ እሷስ ለመደች» አሉኝ በስልክ፤ «በዚያ ብርድ የምቆመው ግን እኔ ነኝ።»