የድምብላልና የፐርሰሜሎ ቅጠል ሳምንት ሙሉ ለምለም ሆኖ እንዲቆይ

ቅዳሜ ጧት በየካ ወደሚገኘው ሾላ ገበያ የወረደ ሰው፥ የድምብላል ቅጠልና ፐርሰሜሎ በእስር በእስር ተደርድሮ ያገኛል። ለሳምንቱ ይበቃል ብሎ ገዝቶ ይመለሳል። ሰኞ ማታ ግን ለወጥ ማጣፈጫ ሲፈለግ፥ ከፊሉ ጠውልጎ፥ ከፊሉ ቢጫ ሆኖ፥ የቀረውም በላስቲኩ ውስጥ በስብሶ ይገኛል።

የዚህን ምክንያት ያወቀ ሰው መድኀኒቱንም ያገኛል። ቅጠል ከተቆረጠ በኋላም ሕይወት አለው፤ ይተነፍሳል፥ ውኃም ያተናል። በደረቅ አየር ላይ ቢተውት የሚያተነውን የሚተካበት ሥር ስለሌለው ይጠወልጋል። እርጥብ እንደ ሆነ በላስቲክ ቢያፍኑት ደግሞ በላዩ የቀረው ውኃ ብስባሴን ያመጣል። ሙቀት ባለበት ቢቀመጥ ትንፋሹ ስለሚፈጥን አረንጓዴው ቀለም ቶሎ ይለቀዋል። ስለዚህ የሚፈለገው ነገር እግሩ ከውኃ፥ ቅጠሉ ከእርጥብ አየር፥ ሁለንተናውም ከቅዝቃዜ እንዲሆን ነው።

እኔም ይህን በቤቴ ለመፈተን ባንድ ቅዳሜ ሦስት እስር ድምብላል ገዛሁ። ሻጪቱ ወይዘሮ፥ «ጋሼ፥ ቤት ሲደርሱ ገመዱን ይፍቱለት፤ እንደ ታሰረ ካደረ መካከሉ ይነዳል» ብለው መከሩኝ። አንደኛውን እስር እንደ ታሰረ በላስቲክ ቋጥሬ መደርደሪያ ላይ አኖርሁት፤ ሰኞ ዕለት መካከሉ ጠቁሮ ይሸት ነበር። ሁለተኛውን በብርጭቆ ውኃ አቁሜ ሳልሸፍን ጠረጴዛ ላይ ተውሁት፤ እስከ ማክሰኞ ቆይቶ ረቡዕ ቢጫ ሆነ። ሦስተኛው ግን እስከሚቀጥለው ቅዳሜ ለወጥ በቃ፤ ከታች ከነበሩት ጥቂት ቅጠሎች በቀር ቢጫ አልታየበትም።

ሦስተኛውን ያሰናዳሁት እንዲህ ነው። ገመዱን ፈትቼ ቢጫውንና የተቀጠቀጠውን ቅጠል ለቀምሁ፤ አንድ የበሰበሰ ቅጠል ጎረቤቱን ያበላሻልና። ቅጠሉን አላጠብሁም። የአገዳውን ጫፍ አንድ ሳንቲ ሜትር ያህል በስለት ቆረጥሁ። ድምብላሉ ከነሥሩ የተነቀለ ቢሆን ኖሮ፥ ሥሩን ሳልቆርጥ ጭቃውን ብቻ አጥብለት ነበር። ከዚያም ሁለት ጣት ያህል ውኃ ባለበት ብርጭቆ አቆምሁት፤ ውኃው ቅጠሉን እንዳይነካ ተጠነቀቅሁ። በላዩ ላስቲክ ደፍቼ፥ ግርጌውን ሳላስር አየር እንዲገባው ለቀቅ አድርጌ፥ ከማቀዝቀዣው መዝጊያ በኩል አኖርሁት። ውኃውን በየሁለት ቀኑ ለወጥሁ። ቅጠሉ የሚታጠበው በሚበላበት ሰዓት ነው፤ ያን ጊዜም በደንብ ይታጠብ።

ለፐርሰሜሎም ሥራው ያው ነው፤ እርሱ ግን ከድምብላል ይልቅ ጠንካራ ስለ ሆነ ብዙ ጊዜ ከሳምንት ያልፋል። ስለዚህ ሁለቱ ባንድነት ሲገዙ አስቀድሞ ድምብላሉ ይበላ። ሁለቱንም ከበሰለ ሙዝ፥ ከማንጎና ከቲማቲም አጠገብ አታኑሯቸው፤ እነዚህ ፍሬዎች ሲበስሉ የሚያወጡት ኤቲሊን የሚባል ጋዝ ቅጠልን ያስረጃል። ከማቀዝቀዣው የኋላ ግድግዳ ጋራም አይጠጉ፤ የበረደ ቅጠል ጠቁሮ ውኃ የቋጠረ ይመስላል፤ ዳግመኛም አይድንም።

ማቀዝቀዣ ለሌለው ቤት፥ መብራትም ለሚጠፋበት፥ የሸክላ ዘዴ አለ። ይህን ዘዴ በ1990ዎቹ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር የናይጄሪያው መምህር መሐመድ ባህ አባ በአገሩ መንደሮች አስፋፍቶት ነበር። በትልቅ የሸክላ ማሰሮ ውስጥ ትንሽ ማሰሮ ይቀመጣል፤ በመካከላቸው ያለው ክፍት አሸዋ ይሞላል፤ አሸዋውም ጧትና ማታ ውኃ ይጠጣል። አፉ በእርጥብ ጨርቅ ይሸፈናል። ውኃው በትልቁ ሸክላ ገላ በኩል ወጥቶ ሲተን ሙቀቱን ይዞ ስለሚሄድ፥ የውስጡ ይቀዘቅዛል። ትልቁ ማሰሮ ያልተሟሸ መሆን አለበት፤ በቅባት የተሟሸ ሸክላ ቀዳዳው ስለ ተደፈነ አያልብምና። ውጭው ሲዳሰስ እርጥበትና ቅዝቃዜ ከሌለው አልሠራም ማለት ነው።

ይህ ዘዴ በእንጦጦ ግርጌ ላሉ ቤቶች ከጥቅምት እስከ ጥር እጅግ ይስማማል፤ አየሩ ደረቅ ነው፥ ሌሊቱም ይቀዘቅዛል። ማሰሮው በጥላ፥ ነፋስ በሚነካው ቦታ ይቀመጥ። በሐምሌና በነሐሴ ግን አየሩ ራሱ ውኃ ስለ ጠገበ ትነቱ ይደክማል፤ ስለዚህ በክረምት ለሁለት ወይም ለሦስት ቀን የሚበቃውን ብቻ መግዛት ይሻላል።

የጠወለገ ቅጠል ሁሉ የተበላሸ አይደለም። ጫፉን ቆርጣችሁ በቀዝቃዛ ውኃ ግማሽ ሰዓት ብታቆሙት፥ ውኃ ብቻ ያጣ እንደ ሆነ ቀና ይላል። የሚያሟልጭ ወይም የሚሸት ከሆነ ግን ይጣል።