የተማርኩበት ኮሌጅ ዛሬ የለም፤ ትራንስክሪፕቴን ማን ይሰጠኛል?

አንዲት መምህርት እንበል፣ በ1991 ዓ.ም. ከዲላ የመምህራን ትምህርትና ጤና ሳይንስ ኮሌጅ በዲፕሎማ ተመርቃለች። ትራንስክሪፕቷ ቤት ስትቀይር ጠፋ። አሁን ልትቀጠር ያሰበችበት መሥሪያ ቤት «ኦሪጅናሉን አምጪ» አላት። ችግሩ በዚያ ስም የሚጠራ ኮሌጅ አለመኖሩ ነው። በ1992 ዓ.ም. ከአዋሳ ግብርና ኮሌጅና ከወንዶ ገነት የደን ኮሌጅ ጋር ተዋህዶ ደቡብ ዩኒቨርሲቲ ሆነ። በኋላ ደቡብ ዩኒቨርሲቲ ሐዋሳ ዩኒቨርሲቲ ተባለ፤ ዲላ ደግሞ ተለይቶ ራሱን የቻለ ዩኒቨርሲቲ ሆነ።

ብዙ ሰው እዚህ ላይ የዲፕሎማውን ስም ተከትሎ ይሄዳል። መከተል ያለበት ግን ግቢውን ነው። የተማሪ ማኅደር የሚቀመጠው በሬጅስትራር ጽሕፈት ቤት ነው፤ ተቋሙ ስሙን ሲለውጥ የመዝገብ ቤቱ ሣጥኖች አብዛኛውን ጊዜ ከቦታቸው አይነሡም። ስለዚህ መምህርቷ መጀመሪያ የምትጠይቀው የዲላ ዩኒቨርሲቲን ሬጅስትራር ነው። በደቡብ ዩኒቨርሲቲ ዘመን ዲላ ግቢ ተምሮ፣ ዲግሪው ላይ «ደቡብ ዩኒቨርሲቲ» የተጻፈለት ሰውም በመጀመሪያ እዚያው ይጠይቅ። «እዚህ የለም» ከተባለ ግን ሐዋሳ መሄድ የግድ ይሆናል። ያን ጊዜ ዲላ «ማኅደሩ እኛ ዘንድ አልተገኘም» ብሎ በጽሑፍ ቢሰጠው ይሻላል፤ ያለ ደብዳቤ ሁለቱ ቢሮዎች አንዱ ወደ ሌላው እየላኩት ሊያመላልሱት ይችላሉ።

ሬጅስትራሩ ማኅደር የሚፈልገው በስም ብቻ አይደለም። በተማሪ መታወቂያ ቁጥር፣ በትምህርት ክፍል፣ በገባችበትና በተመረቀችበት ዓመት፣ በተማረችበት የቀን፣ የማታ ወይም የክረምት መርሐ ግብር ጭምር ነው። አበበ ከበደ የሚባል ተመራቂ በየዓመቱ አይጠፋም። መታወቂያ ቁጥሩ ከተረሳ የድሮ የውጤት ወረቀት፣ የቴምፖ ፎቶ ኮፒ፣ አለበለዚያም መጀመሪያ የቀጠራት መሥሪያ ቤት በግል ማኅደሯ ያስቀመጠው ቅጂ ያወጣዋል። እኔ ከሁሉ አስቀድሜ የምጠይቀው ይህን የመጨረሻውን ነው፤ መምህር ሲቀጠር የትምህርት ማስረጃው ቅጂ በማኅደሩ ውስጥ ይቀመጣልና። ሰነድ ጠፋ ሲባል የፖሊስ ማስረጃ መጠየቅ የተለመደ ስለሆነ፣ እሱን አስቀድሞ ማውጣት ጉዞ ይቆጥባል። በወጪ መጋራት የተማረ ሰው ደግሞ ክፍያውን መጨረሱን የሚያሳይ ደረሰኝ ይያዝ፤ ዕዳ ካለ ሬጅስትራሩ ማስረጃውን ሊይዝበት ይችላል።

የሚሰጣት ወረቀት ዲላ ዩኒቨርሲቲ የሚል ማኅተም ሊኖረው ይችላል፤ ዲፕሎማዋ ግን የኮሌጁን ስም ይዟል። ቀጣሪው ሁለቱን ሲያስተያይ «ይህ ሌላ ትምህርት ቤት ነው» ቢል አይፈረድበትም። እዚያው እያለች «የቀድሞው ኮሌጅ የዛሬው ዩኒቨርሲቲ ነው» የሚል ደብዳቤ ታስጽፍ። ስሟ በእንግሊዝኛ ፊደል የተጻፈበትን አኳኋንም ከፓስፖርቷ ጋር ታስተያይ። ዓመቱም ያምታታል፤ በኢትዮጵያ 1991 የሆነው በፈረንጆች 1998/99 ነው።

ተቋሙ ተዋህዶ ሳይሆን ጭራሹን ተዘግቶ ከሆነ መንገዱ ይለያል። የግል ኮሌጅ ከነበረ የሚጠየቀው ፈቃድ ሰጪው አካል ነው። ለዲግሪ ተቋማት ይህ የትምህርትና ሥልጠና ባለሥልጣን ነው፤ ቀድሞ የከፍተኛ ትምህርት አግባብነትና ጥራት ኤጀንሲ ይባል የነበረው ማለት ነው። ለቴክኒክና ሙያ ኮሌጅ የክልሉ ወይም የከተማው የዘርፉ ቢሮ ይጠየቃል። እዚያ ሲኬድ ሁለት ጥያቄ ይቅረብ፦ የተዘጋው ተቋም የተማሪዎቹን ማኅደር ለማን አስረከበ? በዚያ ዓመት፣ በዚያ ግቢ፣ በዚያ የትምህርት መስክ ፈቃድ ነበረው? የሁለተኛው ጥያቄ መልስ «አልነበረውም» ከሆነ ትራንስክሪፕቱ ቢገኝም ተቀባይነቱ አጠያያቂ ነው።

ማኅደሩ ጨርሶ ካልተገኘ፣ ከኮሌጁ ውጭ የተሰጡ ማስረጃዎች ይቀራሉ። የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ውጤት ከፈተናዎች አገልግሎት፣ የሙያ ብቃት ምዘና (ሲኦሲ) የምስክር ወረቀት ደግሞ ከምዘና ማዕከሉ ይጠየቃል። የኮሌጁን ውጤት አይተኩም፤ አንዳንድ ቀጣሪ ግን ሲኦሲውን ይዞ ይነጋገራል።

ውጭ አገር ያለ ሰው አንድ ተጨማሪ ሥራ አለበት። የትምህርት ማስረጃ የሚገመግሙ የውጭ ድርጅቶች ብዙዎቹ፣ በእጅ የተሰጠ የተማሪ ቅጂ አይቀበሉም፤ ከሬጅስትራሩ በታሸገ ፖስታ በቀጥታ የተላከላቸውን ይፈልጋሉ። ጉዳዩን አዲስ አበባ ያለ ዘመድ የሚጨርስ ከሆነ በኤምባሲ ውክልና ይሰጠው፤ ውክልናው አገር ቤት ሲደርስ በውጭ ጉዳይ ሚኒስቴር መረጋገጥ አለበት። ዘመዱ ደግሞ ሬጅስትራሩ ፖስታውን ከማሸጉ በፊት የባለማስረጃውን ስም፣ የመግቢያና የምረቃ ዓመቱን፣ የኮርሶቹን ውጤት በቅጂው ላይ አንብቦ ያረጋግጥ። ከታሸገ በኋላ የተገኘ ስሕተት ማለት አዲስ ማመልከቻና አዲስ ክፍያ ነው፤ ፖስታውን ራሱ ከፍቶ ያየ ሰው ደግሞ ማስረጃውን ገምጋሚው ዘንድ ዋጋ አሳጥቶታል።